ለ«ገደማ» ጥብቅና



በዚህ ገጽ ስለ ቤት አመታት፣ ስለ ሰምና ወርቅ፣ ስለ ሞክሼ ፊደላት ብዙ ተከራክረናል። ዛሬ ልሟገትላት የመጣሁት አንዲት ትንሽ ቃል ናት። «ገደማ» ትባላለች። ከግጥም መጽሐፍ የሚያባርራት የለም፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ያከብሯታል። የተባረረችው ከአንድ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የልደት የምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወላጁ «ልጄ ይህ ነው» ብሎ የሚፈርምበት የማረጋገጫ ቃል ነው። ቃሊቱ ስትባረር ወላጅ ምን እንደሚሆን ባለፈው ዓመት በዓይኔ አየሁ። በእጄም ተባበርሁ፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻም እርሱ ነው።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ሴት ከደመወዟ ልታወጣ መጣች። የምትሠራው ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ ከሼዶቹ በአንደኛው ነው። ስፍራው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና ተብሎ ተመርቋል፤ የባጃጅ ሾፌሩም የቤት አከራዩም ግን ዛሬም «ፓርኩ» ነው የሚሉት። ገንዘቧን ቆጥሬ ከሰጠኋት በኋላ አልሄደችም። የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «አቦ ወንድሜ፣ አንተ መጻፍ ሥራህ አይደል? ይቺን ሙላልኝ» አለችኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም። ከኋላዋ የቆመ ሰው ስላልነበር ተቀበልኋት።

ወረቀቷ እንዲህ ትላለች። «እኔ (ባዶ) የተባልሁ ወላጅ፣ ልጄ (ባዶ) በ(ባዶ) ቀን (ባዶ) ወር (ባዶ) ዓ.ም. የተወለደ መሆኑን አረጋግጣለሁ። የሰጠሁት ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቃለሁ። ፊርማ።» ሌላ ምንም የለም።

«መቼ ተወለደ?» አልኋት።

«በዒድ፣ በሦስተኛው ቀን» አለች፤ ሳታመነታ።

«በየትኛው ዓመት?»

«ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመጡበት ዓመት።»

«የረመዳኑ ዒድ ነው የዐረፋው?»

«የረመዳኑ። ጾሙን ሆዴን ይዤ ነው ያሳለፍሁት።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ይህች ሴት የልጇን የልደት ቀን አታውቅም የሚል ሰው ካለ ጆሮ የለውም። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዒድ አልፈጥር ሰኔ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ዋለ። ሦስተኛው ቀን ሰኔ 10 ይሆናል። በሦስት ጥያቄ፣ በሁለት ደቂቃ፣ ቀኑ ተገኘ። ጨረቃዋ በአንድ ቀን ብታሳስት እንኳ ስሕተቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ በባዶው ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በ2010 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 10 ገደማ»።

በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። ትምህርት ቤቱ ወረቀቱን መልሶባታል። ስሙን አልጠራውም፤ እንዲህ የሚያደርገው እርሱ ብቻ ነው ብዬም አላምንም። መዝጋቢው «ገደማ» የምትለዋን ቃል በቀይ ከብቦ፣ «ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብቻ ይሞላ» ብሎ ጽፎባታል። በቃልም መክሯታል፤ «ካላወቅሽው ዝም ብለሽ መስከረም 1 በይው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው»። ምዝገባው በዚያው ቀን ሊዘጋ ነው። ከሼዱ የተፈቀደላት ግማሽ ቀን ብቻ ነው። «ሰኔ 10 ብቻ ብለን እንጻፈው» ብዬ ብለምናትም አልተቀበለችኝም። «ሰውዬው መስከረም 1 ብሏል፤ ሌላ ብጽፍ ደግሞ ይመልሰኛል» አለች። አዲስ ቅጽ ዘረጋችልኝ፤ መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ «ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቃለሁ» ይላል። እርሷ ፈረመች።

ልጁ አሁን አንደኛ ክፍል ነው። በመዝገቡ ላይ ከተወለደበት ቀን ዘጠኝ ወር ከዘጠኝ ቀን ቀድሞ ተወልዷል። በወረቀቱ መሠረት እናቱ ገና ባረገዘችው ሰሞን እርሱ በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው። ያን ቀን የጻፈው እጅ የእኔ ነው።

*

ወዳጆቼ ይህን ባወራኋቸው ጊዜ የሰጡኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር። «የልደት ካርድ ብታወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።» መልሱ ትክክል ይመስላል፤ ስለዚህም ነው የሚያናድደኝ። ካርዱ ለምን እንደጠፋ እንይ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገቦች ዝርዝር ድንጋጌ ነበረው። በዚያው ሕግ መጨረሻ አካባቢ ግን እነዚህ ድንጋጌዎች ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ አይሠሩም የሚል አንቀጽ ተቀመጠ። ትእዛዙ ሳይወጣ ትውልድ አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.። የድሬ ሰው ይህን ዕለት በሌላ ነገር ያውቀዋል። ልክ ከዐሥር ዓመት በፊት፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ደቻቱ ሞልቶ ሰውንና ቤትን የወሰደበት ሌሊት ነው። ጎርፉ ከቤቱ ጋር የወሰደውን ወረቀት የቆጠረ የለም። የሚቆጥር መዝገብም ገና አልነበረም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት አካል ዘንድ የተመዘገበው ከመቶ 3 ገደማ መሆናቸውን ዘግቧል። ቃሊቱን ልብ በሉልኝ። አገር ስለ ልጆቿ ስትናገር «ገደማ» ትላለች፤ እናት ስለ አንድ ልጇ ስትናገር ተከለከለች።

የእኛ ልጅ የተወለደው ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ይህን አልክድም። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ነገር ግን የተወለደው በምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር፣ በአያቱ ቤት ነው። ከጤና ተቋም የሚሰጥ የልደት ማሳወቂያ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ደግሞ ያንን ወረቀት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ክትባት ሲከተብ፣ ሲታመም፣ እናቱ ድሬ መጥታ ቤት ስትከራይ፣ ማንም «የልደት ካርዱ የታለ?» አላለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀው ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ላይ ነው።

«እንግዲያው አሁን ታውጣ» ትሉኝ ይሆናል። ሞክራለች። ሕጉ ልደትን የሚያስመዘግበው በወላጆች መደበኛ መኖሪያ ነው። ድሬዳዋ ያለው ቀበሌ «የነዋሪነት መታወቂያሽ የእኛ አይደለም፤ ከመጣሽበት መሸኛ አምጪ» አላት። መሸኛው ያለው ከምትሠራበት ርቆ ነው። ሊቀ መንበሩ ካልተገኘ አንድ ቀን ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ቀናት ከደመወዟ ይቆረጣሉ። መሸኛውን ካመጣች በኋላ መታወቂያ፣ ከመታወቂያው በኋላ ለጊዜው ላለፈበት ልደት ምስክሮች። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ትምህርት ተጀምሮ ይጋመሳል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱንም ይነሣ አልልም። የምለው ልጁ የሚጠብቅበት ቦታ መንገድ ዳር መሆን የለበትም ነው፤ የሚጠብቅበት ቦታ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ነው።

*

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። መዝጋቢው «ካርዱ ማስረጃ ነው፤ የእናት ቃል ግን ወሬ ነው» ብሎ ያምናል። እስቲ ካርዱ ከምን እንደሚሠራ እንጠይቀው።

ጤና ተቋም ውስጥ ለተወለደ ሕፃን አዋላጁ ያየውን ጽፎ ይሰጣል፤ ካርዱ ያንን ይገለብጣል። እቤት ለተወለደና ዓመታት ላለፉት ልጅ ግን የክብር መዝገብ ሹሙ የሚያገኘው ምንድን ነው? እናቱን ያገኛል። ምስክሮቿን ያገኛል። እርሷ «በዒድ፣ በሦስተኛው ቀን» ትለዋለች፤ እርሱ ይጽፋል፤ ምስክሮቹ ይፈርማሉ፤ ማኅተም ያርፋል። ማኅተሙ ሥልጣን ይጨምራል፤ ዕውቀት ግን አይጨምርም። ከማኅተሙ ሥር ያለው ያው የእናት ቃል ነው። ትምህርት ቤቱ በነሐሴ የናቀውን ቃል በጥር ማኅተም ለብሶ ሲመጣለት ተነሥቶ ይቀበለዋል።

ሕጉ ራሱ ከመዝጋቢው ይልቅ ትሑት ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነውና። ይህ ሕግ ልጅነት በልደት የምስክር ወረቀት ይረጋገጣል ካለ በኋላ፣ ወረቀቱ በሌለ ጊዜ ምን እንደሚደረግም ይናገራል። ማኅበረሰቡ ልጁን «የእገሊት ልጅ ነው» ብሎ የተቀበለው መሆኑ በምስክር ሲረጋገጥ ልጅነቱ ይጸናል። ውርስን ያህል ከባድ ነገር የሚቆምበት ማስረጃ ለአንደኛ ክፍል ወንበር የሚያንስበት ምክንያት አይገባኝም።

የማረጋገጫው ቃል ግን እውነተኛ ምስክርነት እንዲሆን ከፈለግን፣ ምስክር እንደሚናገረው እንዲናገር መፍቀድ አለብን። ጥሩ ምስክር «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ይመስለኛል» ብሎ ይለያል። ዳኛ ፊት ቆሞ «ጊዜው ማታ ነበር፤ ሰዓቱን አላየሁም» የሚልን ሰው እናምነዋለን። ስለ ሁሉም ነገር በደቂቃ የሚናገረውን እንጠረጥረዋለን። የትምህርት ቤቱ ቅጽ ይህን ገለበጠው። ያወቀችውን በመሰላት ልክ የተናገረችውን እናት ሐሰተኛ አድርጎ፣ ያልሆነውን በሦስት ባዶ ቦታ የሞላችውን ተቀበላት።

ይህ ሐሰት በዓይን የሚለይ ምልክት አለው። የማንኛውንም ትምህርት ቤት የምዝገባ መዝገብ ገልጣችሁ የልደት ቀን ዓምዱን ወደ ታች ተመልከቱ። መስከረም 1፣ መስከረም 1፣ ጥር 1፣ መስከረም 1 እያለ ከወረደ፣ ልጆቹ ሁሉ በዕንቁጣጣሽ አልተወለዱም። እነዚያ ቀኖች የጸሐፊው ናቸው፤ እናቶቹ አልተጠየቁም።

ሌላም የማይታይ ስሕተት አለ፤ እንደ ድሬ ባለ ከተማ ይህን ማወቅ ግዴታ ይመስለኛል። በዒድ የሚቆጥር ቤተሰብ «ባለፈው ዒድ ሰባት ዓመት ሞላው» ይላል። እውነቱን ነው፤ በጨረቃ አቆጣጠር ሞልቶታል። የጨረቃው ዓመት ግን ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። የ2017ቱ ዒድ አልፈጥር የዋለው መጋቢት 21 ነው። ቅን የሆነ ጸሐፊ «ሰባት ዓመት» የሚለውን ሰምቶ ከመጋቢት 2017 ላይ ሰባት ቢቀንስ፣ ለዚህ ልጅ መጋቢት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ይወጣለታል። ከትክክለኛው ቀን በ77 ቀናት ይቀድማል። አስቂኙ ነገር፣ እናቱ ለማስታወሻ ከያዘችው ቃለ መሐላ አንድ ቀን ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። እርሷም ጸሐፊውም አልዋሹም፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች ሳይተዋወቁ ተጨባበጡ እንጂ። ስለዚህ ነው በመጀመሪያው ቅጽ ላይ የእርሷን ቃልና የእኔን ስሌት ጎን ለጎን የጻፍሁት። «ዒድ፣ ሦስተኛው ቀን» የሚለው ተጽፎ ከቀረ ስሌቱ ቢሳሳት እንኳ ነገ የሚያርመው ይገኛል። የተጻፈው «መጋቢት 23» ብቻ ከሆነ ግን ስሕተቱን የሚያሳይ ፍንጭ አብሮ ጠፋ።

*

ባንክ ቤት የዋለ ሰው የሁለት ወረቀቶች አለመስማማት ምን እንደሆነ ያውቃል። ደንበኛ ይመጣል፤ መታወቂያው አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ሰነዱ ሌላ። በአንዱ «መሐመድ»፣ በሌላው «ሙሀመድ»። በአንዱ የአባቱ ስም፣ በሌላው ያሳደገው አጎቱ። ሰውየው ፊቴ ቆሟል፤ ከሃያ ዓመት ጀምሮ የሚያውቁት ጎረቤቶቹም ውጭ ተቀምጠዋል። እኔ ግን «አዝናለሁ ጌታዬ፣ አይመሳሰልም» እላለሁ። ደንቡ ያዘኛል። በልቤ ግን አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ሰው የመጀመሪያዋን ወረቀት ባጻፈባት ቀን ማን ጠየቀው? ማን ሰማው?

የእኛ ልጅ እናት ነገ ተሳክቶላት የልደት ካርዱን ብታወጣ፣ ከአገሯ የመጡት ምስክሮች ሰኔ ይላሉ። ትምህርት ቤቱ መስከረም ይላል። ሁለቱንም ያጻፈችው እርሷ ናት፤ በአንዱ ላይ «በሕግ እጠየቃለሁ» ብላ ፈርማለች። ስለዚህ ምን ታደርጋለች? ምስክሮቿን «መስከረም 1 በሉልኝ» ትላለች። ሐሰቱ ከትምህርት ቤት ወደ ክብር መዝገብ ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ መታወቂያው፣ ከዚያ ወደ እኔ መስኮት። ሁሉም ወረቀቶች ይስማማሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አስተናግደዋለሁ። እንግዲህ «የተሟላ ማስረጃ» የምንለው አንዳንዴ ይህ ነው።

*

በተቃዋሚዎቼ በኩል አንድ ብርቱ ክርክር አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። «ቃል ብቻ ከተቀበልን የሰው ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ቢኖርስ? ከገጠር ለቤት ሥራ የመጣች ሕፃን ‘ልጄ ናት’ ተብላ ብትቀርብስ?» ይላሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። በከተማችን ስንት ሕፃናት በ«እኅቴ ልጅ» ስም ጀርባቸው ላይ ሌላ ሕፃን አዝለው እንደሚውሉ የምናየው ነው።

ነገር ግን ቅጹን መልሳችሁ አንብቡት። «እኔ ወላጅ» ብቻ ይላል። አክስት የምትጽፍበት፣ አያት የምትጽፍበት፣ አሳዳጊ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። የሞተች እኅቷን ልጅ የምታሳድግ ሴት ልጁን ለማስመዝገብ «ወለድሁት» ብላ መፈረም ግድ ይላታል። ሌባውን ለመለየት የተሠራው ቅጽ ደጓን አክስት ከሌባው ጋር አንድ ቋንቋ እንድትናገር አደረጋት። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይለያል? በዚህም ላይ፣ ተመልሳ የሄደች ሕፃን የምትሄደው ማንም ወደማያያት ቤት ነው። ተመዝግባ የገባችውን ግን በየቀኑ መምህር ያያታል፤ ስሟ ይጠራል፤ ስትቀር «የት ሄደች?» የሚል አለ።

ይህን የተረዳ ፍርድ ቤት አለ። በደቡብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ ኬፕ፣ የልደት ወረቀት የሌላቸው ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይገለሉ ሙግት ተነሥቶ ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የማካንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች እነዚህን ልጆች እንዲቀበሉ፣ ወረቀቱ በሌለ ጊዜም ልጁን በሙሉ የሚገልጽ የወላጅ፣ የተንከባካቢ ወይም የአሳዳጊ የመሐላ ቃል እንዲወስዱ ፈረደ። «የተንከባካቢ ወይም የአሳዳጊ» የሚለውን አስምሩበት። ፍርድ ቤቱ አክስቲቱን እናት ነኝ እንድትል አላስገደዳትም።

*

መንቀፍ ቀላል ነው፤ «እስቲ አንተ ጻፈው» የሚል ይኖራል። እነሆ ያ ወረቀት እኔ ብጽፈው እንዲህ ይል ነበር፦

«እኔ ስሜና ፊርማዬ ከዚህ በታች ያለው፣ ከእኔ ጋር የቀረበውና ፎቶግራፉ እዚህ የተለጠፈው ልጅ (የወለድሁት / የማሳድገው፤ የማሳድገው ከሆነ ዝምድናችን …) መሆኑን አረጋግጣለሁ። የሚጠራበት ስም … ነው፤ የአባቱ ስም …፣ የአያቱ ስም …፤ በሌላ ስም ወይም አጻጻፍ የሚታወቅ ከሆነ …። የተወለደበት ስፍራ …። የተወለደበትን ጊዜ የማስታውሰው እንዲህ ነው፦ (በራሴ አነጋገር) …። ይህ ሲሰላ … ቀን … ወር … ዓ.ም. (በትክክል / ገደማ) ይሆናል፤ ያሰላው …። የልደት ምስክር ወረቀቱ የሌለበት ምክንያት …። ከዚህ ውስጥ በርግጠኝነት የማውቀውን እንደማውቀው፣ የገመትሁትን እንደ ግምት ተናግሬአለሁ። አውቄ የዋሸሁት ካለ እጠየቃለሁ። ልጁን የሚያውቁ ምስክሮች …»

ከአሮጌው ቅጽ በጥቂት መስመሮች ብቻ ይረዝማል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልብ በሉልኝ። አሮጌው «ሐሰት ሆኖ ቢገኝ» ይላል፤ የተሳሳተውንም የዋሸውንም በአንድ ገመድ ያስራል። አዲሱ «አውቄ የዋሸሁት ካለ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በፍርሃት የሚፈርም ሰውና በኃላፊነት የሚፈርም ሰው ያላቸው ርቀት ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ የሚጠበቅበት ጥቂት ነው። ቃሉን በሁለት ቅጅ ይቀበል፤ አንዱን ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ለወላጁ ይመልስ፤ ዛሬ ቅጹ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ እናቲቱም የፈረመችውን ዳግም አታየውም። በመዝገቡ ላይ ከልደት ቀኑ ጎን «በወላጅ ቃል» ብሎ ይጻፍ፤ ካርዱ ሲመጣ ያ ቀን በአንድ መስመር ይሰረዝና አዲሱ ከላዩ ይጻፍ፤ የቀድሞው እንዲነበብ ሆኖ ይቅር። ልጁ ግን ያን ሁሉ ጊዜ እየተማረ ይቆይ። በእርግጥ ይህ ወረቀት የልደት ካርድን አይተካም፤ ለፓስፖርት አይሆንም፤ ለእኔ መስኮትም አይሆንም። ከክፍሉ በር እስከ ክብር መዝገብ ሹሙ ጠረጴዛ ድረስ እውነቱ ሳይሰበር የሚያደርስ ዕቃ ከሆነ ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ሴት እንደገና መስኮቴ መጣች። «ልጁ እንዴት ነው?» አልኋት። ማንበብ መጀመሩን ነገረችኝ፤ በየመንገዱ ያለውን ማስታወቂያ እየጮኸ ያነባል አሉ። ቀጥላም እየሳቀች፣ «ክፍል ውስጥ ልደታቸውን ሲያስጽፏቸው ‘በዒድ ነው የተወለድሁት’ ብሎ መምህሯን ተከራከራት» አለችኝ።

ተከራከር፣ ልጄ። እኔ አልተከራከርሁልህም።